የ2 ቀኑ ስፓይክ 9 ቀን ፈጀ፤ መቼ ነበር መዝጋት የነበረብን?

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ ስለበዙ አዲስ የሚገባ ሰው መሃል ላይ ይጠፋበታል። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በተራ ቁጥሩ ልተርክላችሁ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለብጥም። አንዳንዱ የሚገለበጥም አይደለም።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ቢሯችን ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ነው፤ አምስት ነን። ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የአባላት መዝገብ እየሠራን ነው። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ የአባሉን ስም ስትጽፍ ሲስተሙ ሰውየውን ማውጣት አለበት። ችግሩን አማርኛ የሚጽፍ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ «ዓለሙ» ብሎ ያስገባውን ሌላው «አለሙ» ብሎ ይፈልገዋል። ኃይሉን ስንት ዓይነት አድርገው እንደሚጽፉትማ ተዉት።

ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ ነው። እሱ ውስጥ ባለው እንብቃቃ ወይስ ለፍለጋ ብቻ ኢላስቲክሰርች እንትከል የሚለው አልለየልንም ነበር። ለአንዱ ልጃችን የ2 ቀን ስፓይክ ቆረጥንለት፤ ስፓይክ የምንለው አንድ ያልታወቀ ነገር ለማወቅ ብቻ የሚሠራ፣ ጊዜው አስቀድሞ የተቆረጠ ሙከራ ነው። ቲኬቱ ላይ የጻፍኩት «የአማርኛ ስም ፍለጋን ማጥናት» የሚል ብቻ ነው።

ልጁ 9 የሥራ ቀን ቆየ። በየጠዋቱ ስታንድአፕ ላይ ትንሽ እንደቀረው ይነግረናል። በ9ኛው ቀን ላፕቶፑን ከፍቶ ያማረ የፍለጋ ገጽ አሳየን። አለቃችን ደስ አለውና በሚቀጥለው ሳምንት ደንበኛው ጋ ይግባ አለ። ቲኬቱ ግን ቦርዱ ላይ እንደተከፈተ ነው። መዝጋት ፈለግኩ፣ ምን ብዬ እንደምዘጋው ግን አጣሁ። መድረኩን የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው። ከእንዲህ ያለ ሥራ በመጨረሻ ምን መውጣት አለበት? የሚዘጋውስ መቼ ነው?

ከ1 እስከ 3

1ኛዋ መላሽ በጨዋ ሰላምታ ጀመረች። የምትሠራው ከክፍያ ጋር በተያያዘ ሶፍትዌር ላይ ነው። እነሱ ቤት ከስፓይክ የሚወጣው አንድ ገጽ ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያው መስመር መልሱ ነው፦ ይሆናል፣ አይሆንም፣ ወይም በዚህ ጊዜ ውስጥ ማወቅ አልቻልንም። ሦስተኛውም መልስ እንደሆነ ደጋግማ ነገረችን። ዴሞ ማሳየት ግን ከልክለዋል። አለቃ ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እኛ ቤት የሆነው ቃል በቃል ይሄው ነው።

2ኛው በራሱ የሚተማመን ወጣት ነው። ኮድ ያልተጻፈበት ስፓይክ ወሬ እንጂ ስፓይክ አይደለም ባይ ነው። ብሎግ አንብቦ ወረቀት መሙላት ማንንም አያሳምንም፤ ማሽኑ ላይ ተሞክሮ መታየት አለበት። እዚህ ድረስ ተስማምቼ ነበር። ቀጥሎ ግን ኮዱ ከተጻፈ አይቀር መጣሉ ብክነት ስለሆነ አጽድታችሁ ከዋናው ኮድ ጋር መርጅ አድርጉት አለ። የ1ኛዋን አንድ ገጽም የቢሮክራሲ ፍቅር ብሎ ነካ አደረጋት።

3ኛው መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ የሚሉት ሰው ነው። ዳታቤዝ ላይ የኖረ፣ ቁጥብ፣ ሲጽፍ ግን ጽሑፉ ክብደት ያለው። ለ2ኛው ግማሹን ሰጠው፣ ግማሹን ነሳው። ስፓይክ የሚለው ቃል የመጣው ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ ከሚባለው የሶፍትዌር አሠራር ሰፈር እንደሆነ አስታወሰ። የዚያው ሰፈር ሰው ዋርድ ከኒንግሃም በትክክለኛው መንገድ ላይ መሆናችንን የሚያሳምነን ከሁሉም የቀለለው ፕሮግራም የትኛው ነው እያለ ይጠይቅ ነበር፤ ለዚያ ፕሮግራም ስፓይክ የሚል ስም ያወጣለት ኬንት ቤክ ነው። ስለዚህ ኮድ መጻፉ ልክ ነው። ያ ኮድ ግን የተጻፈው ለማወቅ ነው፤ ካወቅን በኋላ ይጣላል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ማጥናት የሚል ቲኬት መጨረሻ የለውም፣ ሰው ዕድሜ ልኩን ያጠናል አለኝ። በየትኛው ቀን ምን እንደተገኘ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ትእዛዝ እንጂ ጥያቄ አይመስልም ነበር፣ ግን እሺ አልኩ።

4ኛው፣ የራሴ

ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን ማስታወሻውን አየን። መጀመሪያ ያደረገው ብልህ ነገር ነው። ከማኅበሩ ሠራተኛ እውነተኛ የሆኑ 100 የስም ፍለጋዎችን ሰብስቧል። ከዚያ `pg_trgm` የሚባለውን የፖስትግሬስ ተጨማሪ ሞከረ። ይህ ተጨማሪ ቃሉን ሦስት ሦስት ፊደል አድርጎ ይከታትፈዋል። ከፊቱ ሁለት ባዶ ቦታ፣ ከኋላው አንድ ይጨምርና ስንቱ ቁራጭ እንደሚጋጠም ይቆጥራል። ለእንግሊዝኛ ጥሩ ነው። እኛ ጋ ግን አንድ ፊደል ሙሉ ድምፅ ስለሚይዝ ቃሎቻችን አጫጭር ናቸው። አንዷ ፊደል ከተለወጠች ቁራጮቹ አብዛኛዎቹ ይበላሻሉ።

```sql
SELECT similarity('ሰላም', 'ሠላም');
-- 0.14285715
```

ሰላም አራት ቁራጭ አለው፣ ሠላምም አራት። የሚጋሩት የመጨረሻውን ብቻ ነው። ሲደመር ሰባት የተለያየ ቁራጭ ስለሆነ አንድ ሰባተኛ ይመጣል። የተለመደው የማለፊያ ነጥብ ደግሞ 0.3 ነው። በዚህ መንገድ ከ100ው ስም የተገኘው 62 ብቻ ነበር።

በ3ኛው ቀን ልጁ ከመነጻጸራቸው በፊት ሞክሼ ፊደላትን ፊደልን በፊደል በሚተካው በ`translate` አንድ አደረጋቸው። ሠ ወደ ሰ፣ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ዐ ወደ አ፣ ከነዘራቸው። ውጤቱ 93 ሆነ። የቀሩት ሰባቱ እንደ «ገ/መድኅን» እና «ወ/ማርያም» ያሉ በሕዝባር የታጠሩ ስሞች ናቸው። ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቀን እነዚህን ሰባት ሲያሳድድ ከረመ። የቀሩትን ሁለት ቀናት ገጹን ሲያሳምር።

ይህን ጽፌ ሳበቃ ነው የገባኝ። በ3ኛው ቀን ሁሉንም ነገር አውቀን ነበር። 93 በቂ ይሁን አይሁን የሚል ቁጥር ስላልጻፍኩ ግን ልጁ 100 ለማድረስ ሮጠ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

5ኛው እና የመብራቱ ጉዳይ

5ኛው ሰው ስፓይክ ሲባል የኤሌክትሪኩ መስሎታል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ በድንገት ከፍ ስለሚል በደህና ስታብላይዘር እንድንከላከል ረጅም ምክር ጻፈልን። ሰርቨር ባለበት ክፍል ማከፋፈያ ላይ ማከፋፈያ መደርደር ተገቢ እንዳልሆነም ጨመረ። ምክሩ ቅን ነው፣ በእውነቱም ያስፈልገን ነበር። ማንም አልሳቀበትም። እሺ፣ አንድ ሰው ስቆበታል።

ከዚህ የተነሳ ወሬው ተሳበ። 6ኛዋ መብራት ሲጠፋ የስፓይኩ ሰዓት ይቆማል ወይ ስትል ጠየቀች። ሁለት ቀን ማለት 16 ሰዓት ሥራ ነው ወይስ ሰኞ ጀምሮ ማክሰኞ ማታ ማለቅ? እነሱ ሰፈር ግማሽ ቀን ያለ መብራት መዋል አዲስ አይደለም፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ የሚነሳው ሲፈልገው ነው።

7ኛው በግልምጫ መለሰላት። የጊዜ ገደብ የሚቆረጠው ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ስላለ እንጂ ለሠራተኛው ምቾት አይደለም፤ የሚቀጥለው የሥራ ዙር፣ ስፕሪንቱ፣ የሚታቀደው ሐሙስ ከሆነ መብራት ስለጠፋ ሐሙስ አይገፋም አለ። እሷም አልተወችውም። በዚህ ስሌት ስድስት ሰዓት ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ሰው መልስ አላመጣህም ተብሎ ይወቀሳል ወይ ስትል ጠየቀችው። ጋሼ መሃል ገብቶ ሁለቱን ነጣጠላቸው። ቀኑ አይገፋም፤ ወረቀቱ ላይ ግን ከ16 ሰዓቱ የተሠራበት 10 ብቻ መሆኑ ይጻፋል። የሚወስነው ሰው መልሱ በስንት ሰዓት ሥራ ላይ እንደቆመ ማወቅ አለበት። 6ኛዋ በዚህ ሙሉ በሙሉ የተስማማች አልመሰለኝም።

8ኛው፣ ሁላችንንም ያስደነገጠን

ጋሼ የ4ኛውን መልሴን አንብቦ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፈ። 93 የመጣው በየትኛው ማሽን ላይ ነው?

በልጁ ላፕቶፕ ላይ ነበር። ጋሼ ደንበኛው ሰርቨር ላይ ገብቼ ሁለት መስመር እንዳስሮጥ ነገረኝ።

```sql
SELECT datctype FROM pg_database
WHERE datname = current_database();
SELECT show_trgm('ሰላም');
```

በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አስሮጥኩት። የመጀመሪያው `C` አለኝ። ሁለተኛው ባዶ ቅንፍ፣ `{}`። አንድም ቁራጭ የለም። ሰርቨሩን የተከለው ሰው ዳታቤዙን ሲፈጥር ቋንቋውን `C` አድርጎታል። በዚያ አቀማመጥ `pg_trgm` ከእንግሊዝኛው ፊደል ውጭ ያለውን እንደ ፊደል አይቆጥረውም። ሰላም ለእሱ ባዶ ነገር ነው። ስሙ ይቀመጣል፣ ይታያል፣ በትክክል ከተጻፈም ይገኛል። በመመሳሰል ሲፈለግ ግን ዜሮ ነው። ስህተት የሚል መልእክት እንኳን አይሰጥም። ላፕቶፑ ላይ `en_US.UTF-8` ስለነበር ሁሉም ነገር ያምር ነበር።

የዚያ ገጽ ዴሞ በሚቀጥለው ሳምንት ደንበኛው ጋ ገብቶ ቢሆን ኖሮ የምንሆነውን አስቡት። እኔ አስቤ ቡናዬ በረደ።

ጋሼ አልጮኸብንም። ወረቀቱ ላይ ከመልሱ ቀጥሎ መኖር ያለበት መስመር የት እንደተሞከረ የሚናገረው መስመር ነው ብሎ ብቻ አለፈ። የፖስትግሬሱ ቅጂ፣ የዳታቤዙ ቋንቋ፣ የስሞቹ ብዛት። ይህ ከሌለ ይሆናል የሚለው መልስ ላፕቶፑ ላይ ይሆናል ማለት ብቻ ነው። አንዴ የተፈጠረ ዳታቤዝ ይህ አቀማመጡ እንደማይቀየርም ነገረን። በትክክለኛው ቋንቋ አዲስ ፈጥሮ ውሂቡን አውጥቶ ወደዚያ መመለስ ነው። አንድ ሌሊት ይበቃዋል፣ ግን የራሱ ቲኬት ያስፈልገዋል።

9ኛ እና 10ኛ

9ኛው ቀደም ሲል 2ኛውን የጻፈው ወጣት ነው። ነገሩ አልተዋጠለትም። ችግሩ የሰርቨሩ እንጂ የኮዱ አይደለም፤ ኮዱ ይጽዳና ይግባ አለ። እኔም ትንሽ አዘነበልኩለትና የልጁን የ`translate` መስመር መድረኩ ላይ ለጠፍኩት።

10ኛዋ የ1ኛዋ ሴት ናት። ከ20 ደቂቃ በኋላ ተመልሳ መጣች። በግራ የሚለወጡትንና በቀኝ የሚተኩባቸውን ፊደላት አንድ በአንድ ቆጥራ ቀኙ በአንድ ያንሳል አለችን። የመጨረሻው ዖ ጥንድ የለውም። `translate` ጥንድ ያላገኘለትን ፊደል አይተወውም፣ ይሰርዘዋል። ስለዚህ ስምዖን የሚባል አባል መነጻጸሪያው ላይ «ስምን» ሆኖ ይቀመጣል። ሠራተኛዋ «ስምኦን» ብላ ስትፈልገው ከሰባት ቁራጭ ሁለቱ ብቻ ይጋጠማሉ፤ 0.286 ይመጣል። ማለፊያው 0.3 ስለሆነ ስምዖን ለጥቂት ይወድቃል። ከ100ዎቹ ስሞች መሃል ስምዖን የሚባል ስላልነበረ ማንም አላየውም።

ልጁን አልወቀሰችውም። ስፓይክ ላይ እንዲህ ያለ ጥድፊያ ይፈቀዳል፣ ለዚያም ነው የሚጣለው አለች። ለ2ኛው ግን አልራራችለትም። ቢሮክራሲ ያለውን ቃል አስታውሳ፣ መርጅ አድርጉት ያልከው ይህንን ነው አለችው። እሱም ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን አልጻፈም።

11ኛው፣ ፊደላችንን አትንኩ

እዚህ ላይ ክሩ መስመሩን ሳተ። አንድ ሰው ሠ እና ሰን፣ ሐ እና ኀን አንድ ማድረጋችንን አይቶ ተቆጣ። ፊደል ቅርስ ነው፤ ሠርግን በሰ የሚጽፍ ትውልድ ያፈራችሁ እናንተ ናችሁ ብሎ ወረደብን። ሌላ ሰው መልሶ ለምን አንዱ ብቻ አይበቃንም ሲል ጀመረ፤ ሃያ ያህል መልስ በዚሁ አለቀ። አልቆጥራቸውም።

አንድ ነገር ግን ከዚያ ውስጥ ላውጣ። የምናቀራርበው ለፍለጋ የሚሠራውን ኢንዴክስ ብቻ ነው። ሰውየው ስሙን ኃይሉ ብሎ ካስመዘገበ ደብተሩም ደረሰኙም ላይ ኃይሉ ነው። ተቆጪው ይህን ሲሰማ ረገበ። የተመዘገበውን ስም ብትቀይሩት ግን ፍርድ ቤት እንገናኝ ነበር አለ። ቀልዱን ይሁን የምሩን አላወቅኩም።

12ኛ እና 13ኛ

12ኛዋ ተማሪ ናት። ስፓይክ እንደ ሌላው ሥራ የግምት ነጥብ ይሰጠዋል ወይ ስትል ጠየቀች። መልሱ ለሁለት ተከፈለ። ጋሼ አይሰጠውም፤ ሰዓቱ አስቀድሞ ስለተቆረጠ የሚገመት ነገር የለም አለ። 7ኛው ደግሞ ነጥብ ካልተሰጠው ስፕሪንቱ ውስጥ የማይታይ ሥራ ይሆናል፣ አለቃም ልጁ ሁለት ቀን ምን ሲሠራ እንደነበር ይጠይቃል ብሎ ተከራከረ። በዚህ አልተግባቡም። እኛ ቤት ነጥብ አንሰጥም፣ ሰዓቱን ግን ከሰውየው የስፕሪንት አቅም ላይ እንቀንሳለን። ለጊዜው አልጣላንም።

13ኛው የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ነው። ቲኬቱ የተሳሳተ መልስ ይዞ ስለነበር እንደገና ከፍታችሁ ሥሩበት አለን። ጋሼና 10ኛዋ በአንድ ድምፅ ተቃወሙት። ጊዜው ያለቀ ስፓይክ ከተከፈተ ዘጠኝ ቀን የነበረው አሥራ አራት ይሆናል። የነበረው ባወቀው ልክ ይዘጋ፣ ያላወቀው በአዲስ ጥያቄና በአዲስ ሰዓት ይምጣ፣ ለዚያ ሰዓት የሚከፍለውም ሰው ፈቅዶ ይሁን አሉ። ሥራ አስኪያጁ ይህ የቃላት ጨዋታ ነው አለ። እኔ ግን ልዩነቱ ታየኝ። ሲራዘም ማንም አይጠየቅም። አዲስ ሲጻፍ ግን አንድ ሰው ወይ አዎ ይላል ወይ አይሆንም።

14ኛው፣ አሁን ያለንበት

የድሮውን ቲኬት ትናንት ዘጋሁት። የለጠፍኩበት ገጽ አጭር ነው። ላፕቶፕ ላይ፣ ሞክሼዎቹ ከተቀራረቡ በኋላ፣ ከ100 ስም 93 ተገኝቷል፤ ደንበኛው ሰርቨር ላይ በዳታቤዙ ቋንቋ ምክንያት ዜሮ ነው፤ በሕዝባር የታጠሩት ስሞች አይገኙም። የልጁን ብራንች ሳልሰርዝ መርጅ እንዳይደረግ ቆለፍኩት። ቁጥሩን ለማየት የሚፈልግ ሰው ይኖራል።

የ93ቱን ነገር ለማኅበሩ ሠራተኛ ደውዬ ነገርኳት። ምንም አልመሰላትም። ስሙ ካልወጣ ስልክ ቁጥሩን ነው የምጠይቀው፣ ዘጠናም ቢሆን ይበቃኛል አለችኝ። ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ብጠይቃት ኖሮ ስድስት ቀን ይተርፈን ነበር።

አዲሱ ቲኬት እንዲህ ይላል። በትክክለኛው ቋንቋ በተፈጠረ ዳታቤዝ ላይ፣ በደንበኛው ሰርቨር፣ እነዚያው 100 ስሞችና ስምዖንን ጨምሮ በ10ኛዋ የተሰበሰቡ 20 ሌሎች ሲፈለጉ፣ ከ120ው 108 ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውጤቶች ውስጥ ይወጣሉ ወይ? ከወጡ ኢላስቲክሰርች አንተክልም። የተቆረጠለት 8 የሥራ ሰዓት ነው። አራተኛው ሰዓት ላይ ልጁ ወደ እኔ መጥቶ ያየውን ይነግረኛል፤ መልሱ ያኔ ከታወቀ ያኔውኑ ይዘጋል። የሚወስነው ሰው ስምም ተጽፏል።

ስለ «ገ/መድኅን» ግን ሐሳብ ያለው ካለ ይጻፍልኝ። ሕዝባሩን ወደ «ገብረ» መዘርዘር ይቻላል፤ «ወ/» ግን ወልደም ወለተም ሊሆን ነው። ወ/ሮም አለ።